አንድ ትይዩ ወይስ ሁለት? የጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር ታሪክ



የማንኛውም ጎነ ሦስት ሦስት ዘዌዎች ሲደመሩ አንድ ዝርግ ዘዌ፣ ማለትም 180 ዲግሪ እንደሚሆኑ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ብዙዎቻችን የተማርነው ወረቀት ቀድደን ሦስቱን ጫፎች ጎን ለጎን በመግጠም ወይም በፕሮትራክተር በመለካት ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለዚያ ስለተቀደደው ጎነ ሦስት ብቻ ነው፤ ያውም መቀሱና ዐይናችን በሚፈቅዱት መጠን። ድምሩ 180 ሳይሆን ከዚያ እጅግ በትንሹ ያነሰ ቢሆን ፕሮትራክተራችን ልዩነቱን አይነግረንም። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቀው «ስንት ነው?» ብዬ አይደለም፤ «ለምን ይህን ያህል ሆነ? ይህስ ማረጋገጫ በምን ላይ ቆሟል?» ብዬ ነው።

ከጥንታዊው ማረጋገጫ እንነሣ። በአምስተኛው ምእተ ዓመት ዓ.ም. በዩክሊድ ሥራ ላይ ሰፊ ሐተታ የጻፈው ፕሮክለስ፣ የአርስቶትል ደቀ መዝሙር የነበረውን ዩዴመስን ጠቅሶ፣ ይህን እውነት ያገኙት የፓይታጎራስ ተከታዮች እንደሆኑ ይነግረናል። አካሄዳቸው የሚከተለው ነው። ሀለመ የተባለ ጎነ ሦስት እንውሰድ፤ ለመ መሠረቱ፣ ሀ ደግሞ የላይኛው ጫፉ ይሁን። በሀ በኩል የሚያልፍ፣ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር እናስምር። ለምሳሌ በለ ላይ ያለው ዘዌ 70 ዲግሪ፣ በመ ላይ ያለው 50 ዲግሪ ቢሆን፣ ጎን ሀለ ሁለቱን ትይዩዎች ስለሚያቋርጥ ከላይ በሀ ግራ የሚፈጠረው ዘዌ በለ ካለው ጋር እኩል፣ 70 ዲግሪ ይሆናል። በዚያው ምክንያት በሀ ቀኝ የሚፈጠረው 50 ዲግሪ ነው። በመካከላቸው የጎነ ሦስቱ የራሱ ዘዌ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ቀጥተኛውን መስመር ስለሚሞሉ፣ የመካከሉ 60 ዲግሪ ሊሆን ግድ ነው። ቁጥሮቹን ብንለውጥ እንኳ ነገሩ አይለወጥም።

ማረጋገጫው አጭርና የሚያረካ ነው። ነገር ግን አንድ እርምጃ ሳይታይ አልፏል። ያን እርምጃ ለማየት ትይዩውን መስመር በእጃችን እንዴት እንደምንሠራው መጠየቅ ይበቃል። በሀ ግራ በኩል የለን ዘዌ፣ ማለትም 70 ዲግሪን ገልብጠን አንድ መስመር እናወጣለን እንበል። ዩክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው መጽሐፉ በመጀመሪያው ክፍል እንዳረጋገጠው፣ እንዲህ የተሠራ መስመር ከመሠረቱ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ትይዩ ነው። አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል የመን ዘዌ፣ 50 ዲግሪን ገልብጠን ሌላ መስመር እናውጣ። ይኸኛውም በዚያው ምክንያት ትይዩ ነው። እንግዲህ በአንድ ነጥብ በኩል የሚያልፉ፣ ሁለቱም ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆኑ ሁለት መስመሮች በእጃችን አሉ። አንድ መስመር ናቸው ወይስ ሁለት?

መላው ጉዳይ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ከሆኑ ግራውና ቀኙ ተጋጥመው ቀጥተኛ መስመር ይሆናሉ፤ የዘዌዎቹም ድምር 180 ነው። ሁለት ከሆኑ ግን በሀ ላይ ስብራት አለ፤ ድምሩም 180 አይደለም። በሌላ አነጋገር «ድምሩ ዝርግ ዘዌ ነው» ማለትና «የተገለበጡት ሁለት ትይዩዎች አንድ ናቸው» ማለት ያው ነገር ነው።

በ300 ዓመተ ዓለም አካባቢ የኖረው ዩክሊድ ይህን በሚገባ ተረድቶት ነበር። ለዚህም ነው አምስተኛውን መነሻ እሳቤ ያለ ማረጋገጫ ያስቀመጠው፦ አንድ መስመር ሁለት መስመሮችን ሲያቋርጥ በአንድ ወገን ያሉት ሁለት የውስጥ ዘዌዎች ድምር ከ180 ዲግሪ ካነሰ፣ ሁለቱ መስመሮች በዚያ ወገን ሲራዘሙ ይገናኛሉ። በዚህ እሳቤ ሳይጠቀም 28 ቲዎረሞችን አረጋግጧል፤ የጠራው በ29ኛው ነው። የጎነ ሦስቱ ድምር የሚገኘው በ32ኛው ነው። ከዚያ በፊት በ17ኛው ያረጋገጠው የማንኛውም ጎነ ሦስት ሁለት ዘዌዎች ድምር ከ180 እንደሚያንስ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ያለ ትይዩ እሳቤ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል ያሳያል።

ከዩክሊድ በኋላ የመጡት ይህን እሳቤ ወደ ቲዎረም ለመለወጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ደከሙ። ከእነርሱ መካከል የፈረንሳዊውን የለዣንድርን ሙከራ ልዘርዝር፤ ስሕተቱ የት እንደተደበቀ ማየት ያስተምራልና። ለዣንድር በመጀመሪያ ድምሩ ከ180 ሊበልጥ እንደማይችል ያለ አምስተኛው እሳቤ በትክክል አረጋገጠ። የቀረው እንደማያንስም ማሳየት ነበር። ድምሩ 179 ዲግሪ የሆነ፣ ማለትም 1 ዲግሪ የጎደለው ጎነ ሦስት አለ እንበል። የዚህን ጎነ ሦስት ቅጂ ከአንድ ጎኑ ወዲያ ማዶ እንሠራለን፤ ከዚያም በቅጂው ሩቅ ጫፍ በኩል የመጀመሪያውን ዘዌ ሁለቱንም ጎኖች የሚያቋርጥ መስመር እንስባለን። አራት ትንንሽ ጎነ ሦስቶችን የያዘ ትልቅ ጎነ ሦስት ይገኛል። ጉድለቶች ስለሚደመሩ፣ የትልቁ ጉድለት ቢያንስ 2 ዲግሪ ነው። ደግመን ስንሠራ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16 ይሆናል፤ ስምንት ጊዜ ስንደጋግም ጉድለቱ ቢያንስ 256 ዲግሪ ይደርሳል። ከ180 በላይ ሊጎድል ስለማይችል፣ መነሻችን ሐሰት ነበር ማለት ነው።

እንከኑ የት ነው? «ሁለቱንም ጎኖች የሚያቋርጥ መስመር እንስባለን» ባልንበት ቦታ ነው። በዘዌ ውስጥ ባለ በማንኛውም ነጥብ በኩል ሁለቱንም ጎኖች የሚነካ መስመር መኖሩን ማን አረጋገጠ? ሥዕሉ ላይ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ ግምት ሲመረመር ከአምስተኛው እሳቤ ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል። ለዣንድር ሊያረጋግጠው የፈለገውን ነገር ሳያውቀው በሌላ ስም ተበድሮታል።

በመጨረሻ መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ሃንጋሪያዊው ቦያይ ደግሞ በ1832 እ.ኤ.አ. በሀ በኩል ከአንድ በላይ ትይዩ ያልፋል ብለው ተነሥተው የተሟላ ጂኦሜትሪ ገነቡ። በዚያ ጂኦሜትሪ የእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ድምር ከ180 ያንሳል፤ ጉድለቱም ከስፋቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ እጅግ ትንሽ የሆነ ጎነ ሦስት ከዩክሊድ ጎነ ሦስት ለመለየት አዳጋች ነው። የወረቀቱ ቅዳጅ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ጣልያናዊው ቤልትራሚ አዲሱ ጂኦሜትሪ በተለመደው ጂኦሜትሪ ውስጥ ሊወከል እንደሚችል አሳየ፤ በዚህም አዲሱ ተቃርኖ ቢኖርበት የዩክሊድም ተቃርኖ እንደሚኖርበት ታወቀ። አምስተኛው እሳቤ ከሌሎቹ እሳቤዎች ሊመነጭ እንደማይችል የተረዳነው በዚህ መንገድ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ወደፊት በማስተማሪያ ክፍል ቆማችሁ አንድ ልጅ «ለምን 180 ሆነ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ትይዩውን መስመር አስምሩና ግራና ቀኙን አሳዩት። ቀጥሎም «ሁለቱ ወገኖች አንድ መስመር መሆናቸውን በምን አወቅን?» ብሎ ከጠየቀ፣ አታቋርጡት። ዩክሊድ በ29ኛው ቲዎረም ደጃፍ ላይ የቆመበትን ጥያቄ ጠይቋልና።