ለፈረንጅ አማቾች የጻፍኩት ካርድ፣ እና ከላዩ ላይ የሰረዝኩት "ሦስት ሺህ ዓመት"

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና እየተቆላ ከሆነ እሰየው፣ አቦል እስኪቀዳ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ድሮ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ አሁን ጀርመን ነው የምትኖረው። ሠርጓ እዚያው ሆኗል፤ መልሱ ግን ጀውሃ፣ ወላጆቿ ቤት ነው። የባሏን አባትና እናት፣ እህቱንም ይዛ ልትመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ቲቸር፣ የዚያን ቀን እኔ ሙሽራ ነኝ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላስረዳቸው አልችልም። ስለ ቡናውና ስለ አመጋገባችን አጠር አድርገው ካርድ ላይ የሚሆን ይጻፉልኝ፤ ጀርመንኛውን እኔ እመልሰዋለሁ።" ለናሙናም ከኢንተርኔት ያገኘችውን አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ።

ናሙናው የሚጀምረው "ኢትዮጵያውያን ላለፉት ሦስት ሺህ ዓመታት ቡና አፍልተው ሲጠጡ ኖረዋል" ብሎ ነው። ቀጥሎ ቃልዲና ፍየሎቹ ይመጣሉ። የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን ፈርሜ ልሰጣት? አልቻልኩም። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

በቃልዲ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። የእረኛው ታሪክ መጀመሪያ ታትሞ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ ነው፤ የጻፈው ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ ምሁር ነው። እሱ ጋ ያለው እረኛ ስም የለውም፣ ቦታውም ካፋ ሳይሆን ዐረብ አገር ነው። "ቃልዲ" የሚለው ስም በኋላ የተለጠፈ ነው። ቡና በዱር የሚበቅለው እኛ አገር መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለበትም። ቡና እየተጠጣ እንደነበር በጽሑፍ በእርግጠኝነት የምናየው ግን በ15ኛው መቶ ዘመን የመን ውስጥ ነው። የሱፊ መንፈሳዊ ሰዎች ሌሊት ለዚክር ሲቆሙ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። ለሦስት ሺህ ዓመቱ ማስረጃ የሚሆን ነገር የትም የለም።

አሁን ወደኛ ወደ ይፋት እንምጣ። እዚህ ነው ነገሩ ደስ የሚለው።

እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በካፒቴን ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቆይቶ ነበር። ቡድኑ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በኛው ቆላ በኩል አሊዩ አምባ ደርሶ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ አንኮበር ነው የወጣው። አሊዩ አምባ ያኔ የሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት የሚያራግፈው እዚያ ነው። የዚያ ዘመን መንገደኞች የጻፉት አንድ ነገር ለዛሬ ሰው እንግዳ ነው፦ የሸዋ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም። ቤተ ክርስቲያን ትከለክላለች፣ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሥር ቆላው ላይ ሙስሊሙ ዱዓ እያደረገ ይጠጣዋል፤ ተራራው ላይ ደግሞ ክርስቲያኑ ጠላና ጠጅ ይጠጣል። ማን የየትኛው ሃይማኖት ሰው እንደሆነ በሲኒው ይለይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መቼ ተለወጠ? ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚለው ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ በፍጥነት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ነው። ለዚህም ሁለት ሰዎችን ይጠቅሳል። አንደኛው ምኒልክ ናቸው፤ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። ሁለተኛው አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ የካህናቱን "የእስላም መጠጥ ነው" የሚል እምነት ለማስለቀቅ ብዙ ደክመዋል። ንጉሡ ከጠጡት፣ ጳጳሱም ካልከለከሉት ሌላው ምን ይጠብቃል? እንግዲህ የብዙዎቻችን አያቶች አያቶች ቡና ሳያውቁ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ቡናው ወደ ክርስቲያኑ ቤት ሲገባ ቃላቱንም ይዞ ነው የገባው። አቦል ከዐረብኛው "አወል" ነው፣ መጀመሪያ ማለት። ቶና ከ"ሣኒ" ነው፣ ሁለተኛ። በረካ ያው በረከት ነው። የሦስት እረኞች ስም ነው የሚል ተረትም ሰምቻለሁ፤ ተረትነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ተረት ነው። ሲኒ ደግሞ በዐረብኛ "የቻይና" ማለት ነው፣ ሸክላው ከዚያ ይመጣ ስለነበር። ዛሬ ቤቷ ሥዕለ ማርያም የሰቀለች እናት "በረካ ሳትጠጣ እንዳትሄድ" ብላ ስትቆጣ በዱዓ ቋንቋ እየተናገረች ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁት? ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ስለሚለውጠው ነው። "ሦስት ሺህ ዓመት" ብዬ ብጽፍ እንግዶቹ ያደንቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ በቃ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን በዓይናቸው የሚያዩት ሌላ ነገር አለ፤ ካልተነገራቸው ደግሞ ይሳሳታሉ።

የልጅቱ ቤተሰብ ክርስቲያን ነው፣ ከጎረቤቱ ግማሹ ሙስሊም ነው። ስለዚህ እንደኛ አገር ወግ በሬው ሁለት፣ ዳሱም ሁለት ነው። የሙስሊሙን በሬ ሙስሊም ጎረቤት "ቢስሚላህ" ብሎ ያርደዋል፣ ሙስሊም ሴቶች ይሠሩታል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሣህኑ ሳይቀር ለብቻ ነው። ወጪው ግን የአንድ ደጋሽ ነው። ይህን የማያውቅ ፈረንጅ ሁለት ዳስ ሲያይ ምን ያስባል? ሰዎቹ ተጣልተው ነው ይላል። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ያየውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ እንዲህ ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት ዳስ የሚጣለው ሁሉም እንዲመጣ ነው። የተጣላ ሰው ለጎረቤቱ በሬ አይጥልለትም።

አንድ ጊዜ ሌላ ሠርግ ላይ ያየሁት ትዝ ይለኛል። አንድ እንግዳ፣ በጣም ጨዋ ሰው፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው ተብሎ ተነግሮታል። ከአንደኛው ዳስ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ ይዞ ተነሳ፣ ወደ ሌላኛው ዳስ ሄደና አንድ ሽማግሌ አባት አፍ አጠገብ አደረሰው። ዳሱ ጭጭ አለ። ሽማግሌው ግን ጨዋ ናቸው፤ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ጉርሻውን መልሰው ወደ ራሱ አፍ አስጠጉትና "አንተ ብላልኝ ልጄ" አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት ጎረሰው። ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ አይገኝም።

ሥጋው እንዲህ ይለያል። ቡናው ሲፈላ ግን ረከቦቱ አንድ ነው፤ ከሁለቱም ዳስ ይመጣሉ፣ ከአንድ ጀበና ይጠጣሉ። የዛሬ መቶ ሰማንያ ዓመት ሃይማኖት ይለይበት የነበረው መጠጥ፣ ዛሬ ሁለቱ አብረው አፋቸው ላይ የሚያደርጉት ሆኗል። ለኔ ከሦስት ሺህ ዓመቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

የቡናውን ነገር ለመጻፍ ጎረቤታችንን እትዬን ጠየቅኳቸው፤ የዚያን ቀን የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። "ጭሱን ሳዞርላቸው ወደ ራሳቸው ሳብ ያድርጉ፣ አፍንጫቸውን እንዳይዙ በላቸው" አሉኝ። የተቆላው ቡና በምጣዱ እንዳለ በእንግዳው ፊት ሲዞር ፈረንጅ እንዲበላ የቀረበለት መስሎት ፍሬውን የሚያነሳ አለ፤ ይህንንም አስጽፈውኛል። ሌላው መቸኮል ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ገንፍሎ ወርዶ እስኪሰክን ድረስ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጀበናው ሳይሰክን ከተቀዳ አተላው ሲኒው ውስጥ ይገባል፣ ጥርስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጀበናው ጋደም ብሎ ሁሉም ዝም ብሎ ሲጠብቅ ካዩ የተረሱ እንዳይመስላቸው። ቶናና በረካ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሚፈሉ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ለእንቅልፍ የሚሰጉት አማት በረካውን ያለ ሐሳብ መጠጣት ይችላሉ። ጨውም አለ። እኛ ቆላ በጨው የሚጠጣ ብዙ ነው፤ ሳይጠይቁ አንድ ሲኒ ፉት ያለ ጀርመን ፊቱ ምን እንደሚመስል ገምቱ።

ብዙ ሰርዤ ብዙ ደልዤ ካርዱ ይህን መሰለ፦

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ከምግብ በፊት ውሃ ይዘው እጃችሁን የሚያስታጥቧችሁ ሰዎች አሉ፤ እናንተ ከተቀመጣችሁበት አትነሱ። በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊታችሁ ካለው ብሉ። ሰው ሲያጎርሳችሁ ተቀበሉ፤ አንድ ጊዜ ከተቀበላችሁ ሁለተኛውን በፈገግታ ብትተውት ማንም አይቀየማችሁም። ሁለት ዳስ ታያላችሁ፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነው። ሥጋ የሚታረደው በየእምነቱ ጸሎት ስለሆነ ምግብና ሣህን ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። እናንተ ግን ሁለቱም ዳስ ገብታችሁ ሰላም በሉ፤ ይጠብቋችኋል። ቡናው የሁሉም ነው። ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካ በረከት ማለት ነው፤ ከእሱ በፊት አትነሱ። የምትጠጡት በስኳር ይሁን በጨው ወይም ያለ ምንም፣ ሳይቀዳ ተናገሩ። ይህ መጠጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በዚህ አገር የሙስሊሙ ብቻ ነበር፤ ዛሬ አብረን እንጠጣዋለን።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለልጅቱ አባት አነበብኩላቸው። ትንሽ ቆዩና "የኔ አያት ቡና አይቀምሱም ነበር ሲባል እሰማ ነበር፤ ለጤናቸው ይመስለኝ ነበር" አሉኝ።

ካርዱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። የካራቆሬ፣ የአጣዬ፣ የሸዋ ሮቢት ልጆች፣ እናንተ ቤት የድሮ ሰው ስለ ቡና የሚያወራው ካለ፣ ካርዱም ላይ የጎደለ ነገር ካያችሁ፣ እስከ እሁድ ማታ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።