ካዝና ውስጥ የሌለው «መጠባበቂያ»

እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን በሚገኘው የኦልድ ቤይሊ ችሎት ሁለት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ። አንደኛው የሮያል ሜይል የመርከብ ኩባንያ ሊቀ መንበር ሎርድ ኪልሳንት፣ ሁለተኛው ኦዲተሩ ሃሮልድ ሞርላንድ ነበሩ። ኩባንያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ለግብር ይከፈላል» ብሎ ከትርፉ ላይ ቀንሶ የያዘው ሒሳብ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ተረፈ። በ1920ዎቹ የመርከብ ሥራው ሲዳከም ያ የተረፈው ሒሳብ በየዓመቱ ወደ ገቢ እየተመለሰ ኪሳራውን ትርፍ አስመሰለው። ባለአክሲዮኖች ይህን የሚያውቁት በ1926 እና በ1927 መግለጫ ላይ ስለ ግብር መጠባበቂያ ማስተካከያ ከሰፈሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። በሒሳብ መግለጫው ጉዳይ ሁለቱም ነጻ ወጡ። ኪልሳንት የታሰረው በ1928 ገንዘብ ለመሰብሰብ ባወጣው ማስታወቂያ ነው።

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ አንድ ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን መሸከሙ ነበር፤ ወደፊት ለሚከፈል ዕዳ የተያዘ ግምትና ከትርፍ ላይ የተቀመጠ የባለቤቶች ሀብት። እንግሊዞች በ1948 የኩባንያ ሕጋቸው ላይ ሁለቱን በየስማቸው ለዩዋቸው፤ የመጀመሪያውን ፕሮቪዥን፣ ሁለተኛውን ሪዘርቭ አሉት።

እኛስ? በአማርኛ ሁለቱንም «መጠባበቂያ» እንላቸዋለን። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አክሲዮን ማኅበር ከተጣራ ትርፉ በየዓመቱ አንድ ሃያኛውን እየቀነሰ የዋናው ገንዘብ አንድ አሥረኛ እስኪሞላ እንዲያስቀምጥ ያዝ ነበር፤ ይህ መጠባበቂያ ነው። ባንክ አይመለስም ብሎ ለሚሰጋበት ብድር የሚይዘውም መጠባበቂያ ይባላል። የመጀመሪያው የባለቤቶች ሀብት ነው፣ ሁለተኛው ግን ከብድሩ ላይ የሚቀነስ የኪሳራ ግምት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎችን ካስገባ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቃላት በብዛት መተርጎም አለባቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አሳታሚ ድርጅት ሒሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል እንበል። የሰኔን መብራት ተጠቅሟል፤ 60,000 ብር የሚከፍለው ግን ሐምሌ ላይ ነው። ፈረንጆቹ አክሩዋል የሚሉት ይህንን ነው። መጋቢት 1 ቀን ደግሞ 1,000 ደንበኞች ለአሥራ ሁለት ወር መጽሔት እያንዳንዳቸው 1,200 ብር አስቀድመው ከፍለዋል። እስከ ሰኔ መጨረሻ አራት እትም ስለደረሳቸው 400,000 ብሩ ገቢ ይሆናል፤ የቀረው 800,000 ብር ግን የስምንት እትም ዕዳ ነው። ይህ ዲፈራል ነው። በመጨረሻም ድርጅቱ በፍርድ ቤት ተከሷል፤ ጠበቃው መሸነፋችን አይቀርም፣ 300,000 ብር ገደማ እንከፍላለን ይላል። ይህ ፕሮቪዥን ነው።

አሁን ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ሦስቱን መስመሮች «የተጠራቀመ 60,000»፣ «የዘገየ ገቢ 800,000»፣ «መጠባበቂያ 300,000» ብሎ ይጽፋቸዋል። የሒሳብ ትምህርት የሌለው ባለአክሲዮን ይህን ሲያነብ ምን ይረዳል? የተጠራቀመ ሲባል የተከማቸ ብር ይታየዋል። የዘገየ ገቢ ሲባል ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተገላቢጦሹ ነው፣ ደንበኛው ከፍሏል፣ የዘገየው መጽሔቱ ነው። መጠባበቂያ ሲባል ደግሞ ለክፉ ቀን ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ያስባል። ሦስቱን ደምሮ 1,160,000 ብር ሀብት አገኘሁ ይላል። ድርጅቱ ግን ያለበት 1,160,000 ብር ዕዳ ነው።

በእኔ እምነት ተርጓሚው መተርጎም ያለበት ቃሉን ሳይሆን ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ ነው። «የተጠቀምንበት ያልተከፈለ ወጪ»፣ «አስቀድሞ የተከፈለን፣ ሥራው ያልተሠራ ገንዘብ»፣ «ለሚጠበቅ ዕዳ የተያዘ ግምት» ቢባል ይረዝማል እንጂ አያሳስትም። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ሠርተንበት ገና ያልተከፈለን ገቢም አክሩዋል ነው፤ አስቀድመን የከፈልነው የቤት ኪራይም በዲፈራል ይመደባል፤ እነዚህ ሀብት ናቸው። ስለዚህ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መድቦ መገላገል አይቻልም።

ትርጉሙን የሚያምን ቢያጣ አንባቢው ራሱ የሚያጣራበት መንገድ አለ። መስመሩ የተጻፈው ከሀብት፣ ከዕዳ ወይስ ከባለቤቶች ካፒታል ሥር ነው? መጠባበቂያው ከዕዳ ሥር ከሆነ ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል አይደለም። ቀጥሎም ከመግለጫው ኋላ ያለውን ማብራሪያ ይመልከት፤ በመጠባበቂያው ላይ በዓመቱ የተጨመረው፣ የተከፈለበትና ሳይከፈልበት ወደ ገቢ የተመለሰው ለየብቻ ይጻፋል። የሮያል ሜይል ባለአክሲዮኖች ያላገኙት ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነበር።