የዊትኒ መዳመጫ፦ የፓተንት ጉልበትና ወሰን

እ.ኤ.አ. በ1793 ኢላይ ዊትኒ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በጆርጂያ ግዛት አንድ መዳመጫ ሠራ። በዚያ አገር የሚበቅለው ጥጥ ፍሬው ከጭረቱ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚያጠራው ከግማሽ ኪሎ አይዘልም ነበር። ሥራው የወደቀውም በባሪያዎች ጫንቃ ላይ ነው። የዊትኒ መሣሪያ የሽቦ ጥርስ የተተከለበት የእንጨት በርሜል ነበር። በርሜሉ ሲዞር ጥርሶቹ ጥጡን በጠባብ ክፍተት ስበው ያሳልፋሉ፤ ፍሬው ግን ማለፍ ስለማይችል ወደ ኋላ ይቀራል። ምርቱ በአንድ ጊዜ ሃምሳ እጥፍ ያህል አደገ።

ዊትኒ መጋቢት 14 ቀን 1794 ፓተንት ተሰጠው። ፓተንት በመንግሥትና በፈጣሪ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ፈጣሪው ሥራውን ባለሙያ አይቶ ሊሠራው እስኪችል ድረስ በጽሑፍና በሥዕል ይገልጣል፤ መንግሥት ደግሞ ለተወሰነ ዘመን ሌላ ሰው ያለፈቃዱ እንዳይሠራው፣ እንዳይጠቀምበትና እንዳይሸጠው የመከልከል መብት ይሰጠዋል። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ዘመኑ 14 ዓመት ነበር። ዘመኑ ሲያበቃ ፈጠራው የሁሉም ይሆናል።

ዊትኒና ሸሪኩ ፊንያስ ሚለር መዳመጫውን ከመሸጥ ይልቅ ራሳቸው ጥጥ እየዳመጡ ከአምስት ሁለት እጁን ለማስከፈል ወሰኑ። ክፍያው ለእርሻ ባለቤቶች ከበዳቸው። መሣሪያው ደግሞ ቀላል ስለነበር የመንደር አናጢና አንጥረኛ አስመስለው ሠሩት። ጥሰቱን ተከታትሎ የሚይዝ የመንግሥት አካል አልነበረም፤ ባለመብቱ ራሱ መክሰስና ማስረዳት ነበረበት።

ክሱም ሕጉ ላይ ተሰናከለ። የ1793ቱ ሕግ አጥፊ የሚለው ፈጠራውን «የሠራና የተጠቀመ»ን ሰው ነበር። ስለዚህ ሌላው የሠራለትን መዳመጫ የተጠቀመ ሰው ሁለቱን አላሟላም ተብሎ ሊያመልጥ ይችላል። ዊትኒ በ1797 በዚሁ ምክንያት ተረታ። ኮንግረስ በ1800 ሕጉን አሻሽሎ አንዱን ብቻ መፈጸም እንዲበቃ አደረገ። ደቡብ ካሮላይና በ1801 መብቱን በ50,000 ዶላር ለመግዛት ተስማማች። በጆርጂያ ፍርድ ቤቶች ግን ዊትኒ የረታው የመብቱ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። በ1812 ዘመኑ እንዲራዘምለት ኮንግረስን ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም።

ዛሬም የመብቱ መሠረት ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ጥበቃው መብቱ ከተሰጠበት አገር አይሻገርም። ስለዚህ ፈጣሪ ከማመልከቱ በፊት ሦስት ነገር ሊያመዛዝን ይገባል፦ ሥራው ለመቅዳት ምን ያህል ይቀላል? ቀጂውን ለይቶ በማስረጃ ማረጋገጥ ይቻላል? ለክርክሩስ ገንዘቡና ዕድሜው ይበቃል?