የቦዩ ጥልቀት፦ የሸለቆ ረግረጎችና የበቆሎ እርሻ በምዕራብ ኦሮሚያ

ከምሥራቅ ወለጋዋ ኑኑ ቁምባ እስከ ኢሉባቦር ባለው ደጋና ወይናደጋ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡም በአብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ይዘንባል። በዚህ አካባቢ የሸለቆ ረግረግ ተጠንፍፎ ሲታረስ ምን እንደሚከተል በደንብ የተመዘገበው በኢሉባቦር፣ በመቱ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የእንግሊዙ ሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአካባቢውን ረግረጎች አጥንተዋል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር በዚያው ልምድ ላይ የቆመ ነው፦ ረግረጉን የሚያጠፋው በቆሎው ሳይሆን ጠልቆ የተቆፈረና ከአዝመራ በኋላ ያልተደፈነ ቦይ ነው።

ባልተነካ ረግረግ ላይ ጨፌ ይበቅላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ በበዓል ቀን ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። ከተዳፋቱ ማሳ የሚወርደው ድፍርስ ውሃ ጥቅጥቅ ያለው ጨፌ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፤ ደለሉም ይዘቅጣል። ከሸክላ አፈር ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስ አብሮት ይቀራል። ከዩሪያ የሚመነጨው ናይትሮጅን ግን በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ በመዝቀጥ አይያዝም። የጨፌው ሥር አየር በሚያደርስበት ስስ የጭቃ ሽፋን ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ተህዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ለዚህ ሥራ ውሃው በጭቃው ውስጥ መዘግየት አለበት። ቦይ ሲቆፈር ውሃው ጭቃውን ሳይነካ በመሃል ያልፋል፤ ከጎን ጨፌ ቢተርፍ እንኳ ማጣሪያው ሥራ ፈት ይሆናል።

ስለ ጎርፍ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። አሥር ሄክታር ረግረግ እንውሰድ፤ የአፈሩ ውሃ በግማሽ ሜትር ዝቅ ቢል ከመጠኑ 15 በመቶው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል እንበል። ይህ 7,500 ሜትር ኩብ ውሃ መያዣ ቦታ ነው። ከበላዩ ባለው 200 ሄክታር ተዳፋት 40 ሚሊ ሜትር ዘንቦ አንድ አምስተኛው በገጸ ምድር ቢወርድ፣ የሚደርሰው ጎርፍ 16,000 ሜትር ኩብ ነው። በግንቦት መጀመሪያ፣ ረግረጉ ገና ሳይጠግብ፣ ግማሽ ያህሉን ሊውጥ ይችላል። በሐምሌ ግን ሞልቶ ስለሚቆይ የቀረለት አገልግሎት የውሃውን ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የተጠነፈፈ መሬት ብዙ ባዶ ቀዳዳ ስላለው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እውነትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቦዩ ውሃውን ፈጥኖ ወደ ታች ያደርሳል፤ የደረቀው ጥቁር አፈርም አየር ገብቶት ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል፣ ከብት ሲሰማራበት ደግሞ ይጠቀጠቃል። ባዶ የተባለው ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል።

ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በበጋ ነው። ያው 7,500 ሜትር ኩብ ውሃ በቦዩ ሳይለቀቅ ቢቆይ በሰከንድ አንድ ሊትር የምትፈስ ምንጭን ለሦስት ወር ገደማ ይመግብ ነበር። ስለዚህ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ለውጡን ከባለ ማሳው ቀድመው ያውቁታል፤ በረግረጉ ጠርዝ ያለው ምንጭ ከወትሮው አስቀድሞ ይነጥፋል። አፈሩን ገልጦ ማየትም ይጠቅማል። ውሃ ሳይለየው የኖረ ጭቃ ግራጫ ነው፤ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ወደ ጥልቁ እየወረዱ ከሆነ አየሩ የት ድረስ እንደገባ ያሳያሉ። ጨፌው በተራ ሣር ከተተካና የደረቀው አፈር ውሃ ሲፈስበት ቶሎ የማይመጥ ከሆነ ደግሞ የረግረጉ መመለስ አጠራጣሪ ነው።

ገበሬው ግን የሚያርሰው በምክንያት ነው። የረግረግ በቆሎ የሚደርሰው የተዳፋቱ ጎተራ ባዶ በሆነበት የችግር ወቅት ነው፤ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ሰፋሪዎች ወደ ኢሉባቦር ሲመጡም የመሬት ፍላጎቱ ጨምሯል። ስለዚህ «አትንኩት» የሚለው መመሪያ ብቻውን ሰሚ አያገኝም። በአካባቢው የቆየው አሠራር የተሻለ መነሻ ነው። አባ ለጋ የሚባለው አስተባባሪ የቦዩን ጠረጋ ጊዜ ያቀናጃል፤ አንዱ ጠልቆ ቢቆፍር የጎረቤቱ ማሳ እንደሚደርቅ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ላይ የሚጨመረው ቴክኒካዊ ገደብ ጥቂት ነው። የረግረጉ ራስ፣ ውሃ የሚመነጭበት ክፍል፣ በጨፌ እንደተሸፈነ ይቆያል። ቦዩ ከበቆሎው ሥር ብዙም አይጠልቅም፤ አዝመራው ሲነሳ በሣርና በጭቃ ይደፈናል። በቆሎው ሲነሳ ጤፍ መዝራት ከተጀመረ ግን መሬቱ ዳግም ውሃ የሚጠጣበት ጊዜ አያገኝም። የባሕር ዛፍ ተከላም በጠርዙ ላይ ከተፈቀደ ቦዩ ቢደፈን እንኳ ዛፉ ውሃውን መምጠጡን አይተውም።