የምግብ መመረዝ

«የምግብ መመረዝ» ሲባል ሰው መርዝ የጨመረ የሚመስላቸው አሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የባክቴሪያ ነው። ጅግጅጋ ላይ ለምሳ የተቀቀለ ሩዝ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ውሎ ለእራት ቀረበ እንበል። ቤተሰቡ በበላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ካስመለሰ ሩዙ ይጠረጠራል፤ ባክቴሪያው ያመነጨውን መርዝ ዳግም ማሞቁ አያጠፋውም። ያስመለሰው 10 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ ለ1 ሊትር የተዘጋጀውን ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያለ ይጠጣ። ውኃውን ቀንሶ ማወፈር በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው። የጠጣውን ሁሉ የሚመልስ፣ ሽንቱ የቀረ፣ የደነዘዘ ወይም ደም ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ ከመጣ ግን በ2009 ዓ.ም. ሶማሌ ክልልን ያጠቃው አተት ሊሆን ስለሚችል፣ ኦአርኤሱን በመንገድ ላይ እያጠጡ ወዲያው መውሰድ ነው።