የዝናብ መለዋወጥና የሰብል ምርጫ

በዝናብ ላይ በተመሠረተ እርሻ፣ የዝናቡ አገባብ ሲለዋወጥ አርሶ አደሩ የሚዘራውን ሰብል ይቀይራል። በሰሜን ወሎ የቆቦ ሜዳ ይህ በግልጽ ይታያል። በሚያዝያ በቂ ዝናብ ከጣለ እንደ ደጋሊት ያለ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ ካልጣለ በሐምሌ ጤፍ፣ ዝናቡ ከዚያም ከዘገየ ሽምብራ ይተካል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው በዓመቱ ጠቅላላ ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ መመርኮዝ የለበትም። እኩል ዝናብ ካገኙ ሁለት ዓመታት አንዱ ማሽላውን ሊያደርስ፣ ሌላው ሊያደርቀው ይችላል። ወሳኙ ዝናቡ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ በመሀሉም ያለው ደረቅ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ ዝናቡ ሰኔ 28 ገብቶ መስከረም 5 ቢወጣ ወቅቱ 72 ቀን ይሆናል። እርጥበት የሚይዝ የዋልካ መሬት 15 ቀን ያህል ቢጨምርለት 87 ቀን ይደርሳል። ይህ ከደብረ ዘይት ምርምር ለወጣው ቶሎ ደራሽ የጤፍ ዝርያ፣ ለጸደይ፣ ሊበቃ ይችላል፤ ወራት ለሚፈጅ ማሽላ ግን አይበቃም።

ጤፍ በማሽላ ፋንታ መስፋፋቱ ብቻውን ግን የዝናብን ተጽዕኖ አያረጋግጥም፤ የጤፍ ዋጋም አርሶ አደሩን ይስባል። ስለዚህ የየዓመቱ የዝናብ መግቢያ በየሰብሉ ከተሸፈነው ማሳ ስፋት ጋር ይነጻጸር። ዝናቡ ቀድሞ በገባባቸው ዓመታት ማሽላው ከተመለሰ ምክንያቱ በዋናነት ዝናብ ነው፤ ካልተመለሰ ገበያውንና የዘር አቅርቦቱን መመርመር ያስፈልጋል።