«የሞተር ፈረቃ»፦ ለፍሪጅ ሠሪ ከ«አይቀዘቅዝም» የሚሻል ቃል

ፍሪጅ ሲበላሽ ለባለሙያ የሚላከው መልእክት ብዙ ጊዜ «ፍሪጁ አይቀዘቅዝም፤ ጋዙ ሳያልቅ አይቀርም» የሚል ነው። የፊተኛው ሐረግ የትኛውም ብልሽት ቢደርስ የሚነገር ስለሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም። የኋለኛው ደግሞ ምልክት ሳይሆን ፍርድ ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ማብሰያ ጋዝ እየነደደ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ያገለግላል፤ ጎድሎ ከተገኘም የሾለከበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ባለሙያው ቤት ሳይመጣ ሊሠራበት የሚችለው መረጃ ሌላ ነው፦ ሞተሩ ስንት ደቂቃ ይሠራል፣ ስንት ደቂቃስ ያርፋል? የእንግሊዝኛው «ዲዩቲ ሳይክል» የሚለው ይህንኑ ነው። በአማርኛ «የሞተር ፈረቃ» ብንለው ይስማማዋል ባይ ነኝ።

«ዑደት» የሚለው ቃል ለምን አልተመረጠም ቢባል፣ ፍሪጅ ውስጥ ሌላ ዑደት ስላለ ነው። ጋዙ ከሞተሩ ወጥቶ፣ ከኋላ ሙቀቱን ጥሎ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ሞተሩ ሲመለስ እሱም ዑደት ነው፤ «ዑደቱ ተዛብቷል» የተባለ ባለሙያ የትኛውን እንደሆነ አያውቅም። «ፈረቃ» ግን ተራ ጠብቆ መግባትና መውጣትን ይዟል፤ የፋብሪካ ሠራተኛም ተማሪም በፈረቃ ይገባል። ፈረቃ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን የመብራት ፈረቃ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፤ «የሞተር» የሚለው ከፊቱ የማይነሳውም ለዚሁ ነው።

ፈረቃውን የሚያዘው ቴርሞስታቱ ነው። ውስጡ ሲሞቅ ሞተሩን ያስነሳል፣ በቂ ሲቀዘቅዝ ያሳርፈዋል። ጤነኛ የሆነ መደበኛ ፍሪጅ ለምሳሌ 14 ደቂቃ ሠርቶ 21 ደቂቃ ሊያርፍ ይችላል፤ ከ35 ደቂቃው 14ቱን፣ ማለትም ከመቶ 40ውን ሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ፍሪጁ ዓይነትና እንደ ቤቱ ሙቀት ይለያያል፤ በሞቃታማ ከተማ የሥራው ድርሻ በጣም ከፍ ቢል አያስደንቅም። መለኪያው የስልክ ሰዓትና ጆሮ ነው። በሩ ሳይከፈት፣ ትኩስ ድስት ሳይገባበት፣ መብራት ጠፍቶ ከመጣም ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ፣ ሞተሩ የተነሳበትንና የቆመበትን ደቂቃ ሦስት ፈረቃ ያህል መጻፍ ነው። ጆሮ የሚያታልለው ኖፍሮስት በሚባለው ዓይነት ላይ ነው፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ማራገቢያም ድምፅ አለው። ስለዚህ የፍሪጁን ጎን ከታች፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ በመዳፍ መንካት ይረዳል፤ የሞተሩ ንዝረት እዚያ ይሰማል። ሞተሩን ራሱን መንካት ግን አይገባም፤ ያቃጥላል።

አሁን እንዲህ ያለ መልእክት እንውሰድ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነው፤ ላይም ታችም ሞቋል፤ የውስጥ መብራቱ ይበራል። ሞተሩ እምም ይልና 8 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደዚያው ያደርጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አሥር ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ግን በደንብ ተነስቶ ሠርቶ ነበር።» እዚህ ውስጥ ስለ ጋዝ የተባለ ነገር የለም፤ ሆኖም ጋዝን ከተጠርጣሪነት የሚያስወጣው ራሱ ፈረቃው ነው። ጋዝ የጎደለው ፍሪጅ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፤ ሳያቀዝቅዝ ይለፋል እንጂ በ8 ሰከንድ አይቆምም። ጤነኛ ሞተር ለመነሳት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። 8 ሰከንድ እምም ያለው ለመዞር ሞክሮ ያቃተው ነው፤ በዚህ ጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስብ ኦቨርሎድ የሚባለው ጠባቂ ግሎ ይቆርጠዋል፤ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ሲበርድ መልሶ ያገናኛል፤ ሦስቱ ደቂቃ የመብረጃው ጊዜ ናት። ይህ የሞተር ፈረቃ ሳይሆን የኦቨርሎዱ ፈረቃ ነው ብንል ያስኬዳል።

የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች ጥቂት ናቸው፦ የወረደ ቮልቴጅ፣ የደከመ ማስነሻ ወይም የተያዘ ሞተር። «ጠዋት ሠርቶ ነበር» የሚለው የመጨረሻውን ያዳክመዋል፤ ጨርሶ የተያዘ ሞተር ጠዋትም አይነሳም። ስለዚህ ባለሙያው መልሶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስታቢላይዘር አለ? ምሽት ላይ ስንት ያሳያል? ከ220 ቮልት ይልቅ 165 ላይ ካለ፣ ፍሪጁን እስከ ጠዋት ነቅሎ ማቆየት ሞተሩን ከመቃጠል ያድነዋል፤ ጥገናውም ምናልባት ከፍሪጁ ውጭ ነው። 215 ካሳየ ባለሙያው ማስነሻና ኦቨርሎድ ይዞ ይመጣል፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ሱቁ ይተወዋል። አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣ ጤነኛ ሞተርም አንድ ሁለቴ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። አሥር ጊዜ መቆጠሩ ዋጋ ያገኘው በዚህ ነው።

ሁልጊዜ ግን ፈረቃው ብቻውን አይበቃም። «ሞተሩ ለሁለት ሰዓት አልቆመም» የሚለው ዜና ከጋዝ መጉደልም፣ ከላላ የበር ጎማም፣ ከኋላ በአቧራ ከተደፈነ ቧንቧም ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚለየው ቅዝቃዜው የት እንደቀረ ነው። ኖፍሮስት ሆኖ የፍሪዘሩ ሥጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ታች ያለው ወተት ከሞቀ፣ ቅዝቃዜው እየተፈጠረ ነው፤ የጎደለው ወደ ታች የሚወስደው አየር ነው። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ወይም ከፍሪዘሩ የኋላ ክዳን ጀርባ የተጋገረው በረዶ ነው። ነቅሎ፣ በሮቹን ከፍቶ አንድ ቀን ማሟሟት ፈተናም ነው፦ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ደህና ሠርቶ ከተመለሰበት በረዶ ማቅለጫው አይሠራም ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ የባለሙያው ሥራ ነው፤ መጥቶ አይቶ ይወቀው» የሚል ሙግት ይነሳል። መሣሪያውና ልምዱ የእሱ መሆኑ አያከራክርም። እሱ የሌለው ጊዜ ነው። ሦስት ፈረቃ ለማየት ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ያንን የሚያደርግ ባለሙያ ቢገኝም ሂሳቡ ሌላ ነው። በዚያ ላይ እሱ ሲደርስ ፍሪጁ ተነቅሎ፣ ከግድግዳ ተስቦ፣ ውስጡ ወጥቶ ይጠብቀዋል፤ ምልክቱ ተደምስሷል። ከጠዋት እስከ ማታ ከፍሪጁ ጋር የሚውለው ባለቤቱ ነው።

የበለጠ የሚከብደኝ ሙግት ከአዲሶቹ ፍሪጆች የሚመጣው ነው። ኢንቨርተር የተባሉት ሞተራቸው ፍጥነቱን እየቀነሰ እየጨመረ ብዙውን ቀን ሊሠራ ይችላል፤ በእነሱ ላይ «አይቆምም» ብልሽት አይደለም፤ ደቂቃ መቁጠርም ብዙ አይረባም። ስለዚህ ከደቂቃዎቹ ጋር ፍሪጁ ውስጥ ወይም ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ መላክ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ከዚያ ይታወቃል፤ የጋዙ ዓይነትና መጠኑም በግራም ተጽፎበታል። ጋዙ አር 600 ኤ ከሆነ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ባለሙያው የብየዳ እሳቱን ከመያዙ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው።